የዓሣና የሽንኩርት ሽታ ከእንጨት መክተፊያና ከቢላዋ እጀታ እንዴት ይለቃል?

የብረት ድስት ዓሣ ቢነካው በሳሙና ይታጠባል፤ ሽታው ይሄዳል። የእንጨት መክተፊያ ግን ሦስት ጊዜ ታጥቦም ይሸታል። የቢላዋውም ስለት ንጹሕ ሆኖ እጀታው ይሸታል። ለምን ይሆን?

እንጨትን ቀረብ ብለን እንመልከተው። እንጨት ከላይ ሲያዩት ድፍን ይመስላል። ውስጡ ግን በዓይን የማይታዩ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ ከሥሩ ወደ ቅጠሉ የሚወጣው በእነዚህ ቱቦዎች ነበር። ዛፉ ተቆርጦ ጣውላ ከሆነም በኋላ ቱቦዎቹ አልጠፉም። ደርቀው ባዶ ሆነዋል፤ ስለዚህ ያገኙትን እርጥበት ይጠጣሉ። የዓሣ ውሃ ሲያገኙ የዓሣ ውሃ ይጠጣሉ። የሽንኩርት ውሃ ሲያገኙ የሽንኩርት ውሃ ይጠጣሉ። ቢላዋው ደግሞ በየቀኑ ጣውላውን እየጫረ አዲስ በር ይከፍትላቸዋል።

እንግዲህ ሽታው ያለው ከላይ አይደለም፤ ከውስጥ ነው። ላዩን ብቻ ማጠብ በቂ የማይሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር እንጨምር። የዓሣ ሽታና የሽንኩርት ሽታ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱን የሚያስለቅቀው ነገር ሌላውን ላያስለቅቀው ይችላል። እንዲያውም ሊያብሰው ይችላል። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው።

በጣና ዳር፣ ከባሕር ዳር ከተማ ብዙ ሳይርቁ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። በገበያ ቀን ዓሣ ጠብሰው ይሸጣሉ። ቆሮሶም አምባዛም ይጠብሳሉ። ከዓሣው ጎን ጎመንና ሽሮ ያቀርባሉ። መክተፊያቸው አንድ ብቻ ነው። ከዋንዛ የተሠራ፣ አንድ ክንድ የሚሆን ርዝመት ያለው፣ ሦስት ጣት የሚወፍር ጣውላ ነው። ዓሣውም፣ ሽንኩርቱም፣ ጎመኑም የሚከተፈው እዚያው ላይ ነው።

በጾም ወራት ዓሣ የማይበሉ ሰዎች ጎመን ሊበሉ ይመጣሉ። አንድ ቀን ሁለት ሰዎች አንድ ጉርሻ ቀምሰው፣ «ይኼ ጎመን ዓሣ ዓሣ ይላል» ብለው ትተውት ሄዱ። በሳምንቱም አልመጡም። ለእኚህ እናት ነገሩ የሽታ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የገበያ ጉዳይ ሆነ።

እኛም ሄደን፣ «እማማ፣ መክተፊያውን በምን ነው የሚያጥቡት?» ብለን ጠየቅን።

«በፈላ ውሃና በአመድ ነዋ፣ ልጆቼ! እናቴም እንደዚሁ ነበር የምታጥበው። ግን ይኼ አመድ ሰሞኑን ምን እንደነካው እንጃ፤ ባሸሁት ቁጥር ሽታው ይብሳል።»

እማማ ያሉት እውነት ነው። አመዱን ግን ምንም አልነካውም። የአመድ ጠባይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ ሲሞትና ሲቆይ ሥጋው መፍረስ ይጀምራል። ከሚፈርሰው ሥጋ አፍንጫን የሚወጋ ሽታ ያላቸው ነገሮች ይወጣሉ። እነዚህ ነገሮች ኮምጣጣ ነገር ሲነካቸው ይታሰራሉ። ኮምጣጣ የምንለው ሎሚና አቼቶን የመሰለውን ነው። የታሰረው ሽታ ወደ አየር መውጣት አይችልም፤ በውሃም በቀላሉ ይታጠባል። ዓሣ ላይ ሎሚ የሚጨመቀው ለጣዕም ብቻ አይደለም ማለት ነው።

አመድ ደግሞ የኮምጣጣ ተቃራኒ ነው። አመድ በውሃ በጥብጣችሁ በሁለት ጣት ብታሹት እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ሶዳም ጠባዩ እንደ አመድ ነው። ዓሣ በነካው እንጨት ላይ አመድ ሲደረግ የታሰረውን ሽታ ይፈታዋል። የተፈታው ሽታ ወደ አየር ይወጣል። አፍንጫችንም ያገኘዋል። «አመዱ አባሰው» የሚባለው ይኼ ነው።

ታዲያ አመድን እንተው? አንተወውም። አመድ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ የዓሣን ስብ ያስለቅቃል። አምባዛ ቆዳው ቅርፊት የለውም፤ የሚያዳልጥ ልጋግ አለው። ልጋጉና ስቡ እንጨቱ ላይ ተጣብቀው ሲቆዩ ስቡ በአየር ይበላሽና የከረመ ቅቤ ዓይነት ሽታ ያመጣል። ይህን ስብ ሎሚ ብቻውን አያወጣውም። ሁለተኛ፣ አመድ ለሽንኩርት ከሎሚ ይሻላል።

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ሳይቆረጡ ብዙም አይሸቱም። ቢላዋ ሲያርፍባቸው በውስጣቸው ለየብቻ የተቀመጡ ነገሮች ይገናኛሉ። ከዚያ ዓይን የሚያስለቅሰውና የሚሸተው ነገር ይፈጠራል። በዚህ ሽታ ውስጥ ድኝ አለ። ሎሚ ይህንን ሽታ አያስረውም። የሎሚው መዓዛ ለጥቂት ጊዜ ይሸፍነዋል እንጂ ሎሚው ሲደርቅ ሽንኩርቱ ተመልሶ ይመጣል። አመድ፣ ሶዳና ሳሙና ግን ከፊሉን ወደ ውሃው ያወጡታል። የቀረውን የሚወስደው ነፋስ ነው፤ የሽንኩርት ሽታ እንጨቱ በደንብ ከደረቀ በራሱ እየበነነ ያልቃልና። ሽንኩርት ሽንኩርት የሚል መክተፊያ ካያችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ሳይደርቅ የሚቀመጥ መክተፊያ ነው።

እንግዲህ ዓሣ ሎሚ ይፈልጋል። ሽንኩርት አመድ ይፈልጋል። አንድ መክተፊያ ሁለቱንም ከቀመሰ ሁለቱንም ይፈልጋል።

ግን አብራችሁ እንዳታደርጓቸው! ሶዳ ላይ ሎሚ ሲጨመቅ አረፋ ይነሣል። አመድ ላይ ሲጨመቅም እንደዚሁ ይንፈቀፈቃል። አረፋውን ያየ ሰው «አሁን ሠራ» ይላል። የለም፤ አልሠራም። ኮምጣጣውና አመዱ እርስ በርሳቸው እየተጠፋፉ ነው። አረፋው ሲያበቃ ሎሚውም ሎሚ አይደለም፤ አመዱም አመድ አይደለም። ሁለቱም ጉልበታቸውን ጨርሰዋል፤ ሽታው ግን አለ።

ስለዚህ ተራ አላቸው። አመድ ይቀድማል፤ ሎሚ ይከተላል። አመዱ ስቡንና ሽንኩርቱን አውጥቶ፣ የዓሣውንም ሽታ ፈትቶ ይታጠባል። ሎሚው ኋላ መጥቶ የተፈታውን ያስራል። ሎሚ ቀድሞ አመድ ከተከተለ ግን ሎሚው ያሰረውን አመዱ መልሶ ይፈታዋል።

የእማማ መክተፊያ እንዴት እንደታጠበ

መጀመሪያ መክተፊያውን በቢላዋ ጀርባ ፋቅነው። በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ እንጂ አግድም አይፋቅም፤ አግድም ከሆነ እንጨቱ ይሻክራል። ከላዩ ላይ ግራጫ ልጋግ ወጣ። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ አጠብነው።

«ቀዝቃዛ ውሃ? በቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ምን ይነጻል?» አሉ እማማ።

እንቁላል በፈላ ውሃ ሲገባ ምን ይሆናል? ይጠነክራል። የዓሣ ደምና ልጋግም እንደ እንቁላል ነው። የፈላ ውሃ ሲያገኘው በእንጨቱ ቱቦ ውስጥ እንዳለ በስሎ ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ ማስለቀቅ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ውሃ ቀዝቃዛ ይሁን። የፈላ ውሃም ተራው ይደርሳል።

ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና፣ በተጠቀለለ የመጥረጊያ ሣር ፈተግነው። ጠርዞቹንም አልረሳንም። የጣውላው ጫፍ፣ ማለትም መጋዝ የቆረጠው ጎን፣ ከሁሉም ይበልጥ ይጠጣል። የቱቦዎቹ አፍ የሚከፈተው በዚያ በኩል ነዋ።

ከዚያ አመዱ መጣ። የእንጨት አመድ እንጂ ላስቲክ የተቃጠለበት አመድ መሆን የለበትም። ከሰሉንና ጠጠሩን በወንፊት ነፍተን አወጣን። ሁለት እፍኝ አመድ በጥቂት ውሃ ለውሰን እንደ ገንፎ ሲሆን መክተፊያው ላይ ቀባነው። አምስት ደቂቃ ያህል አቆየነው። እንደተባለውም የዓሣው ሽታ ብድግ አለ። እማማ አፍንጫቸውን ይዘው ሳቁ። ካሸነው በኋላ በብዙ ውሃ አለቀለቅነው። አመዱ መውጣቱ የሚታወቀው በጣት ነው። ጣት እንጨቱ ላይ ሲሄድ የሚያዳልጥ ከሆነ አመድ አለ፤ እንደገና ይለቅለቅ። አመድ ያለበት ላይ ሎሚ መጭመቅ ሎሚውን መጣል ነው። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለም አመዱን በጨርቅ ያዙት፤ ያቃጥላልና።

አመድ የማትወዱ ከሆነና ሶዳ ከሱቅ ካገኛችሁ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶዳ በጥቂት ውሃ ለውሳችሁ ሩብ ሰዓት አቆዩት። እንጨቱን እንደ አመድ አያጠቁረውም።

በመጨረሻ ጨውና ሎሚ። ጨዉ ደቃቅ ሳይሆን ሻካራ ቢሆን ይመረጣል። አንድ እፍኝ ጨው እርጥቡ መክተፊያ ላይ በተንን። አንድ ሎሚ ለሁለት ቆረጥን፤ ግማሹን በተቆረጠው ፊቱ ይዘን ጨዉን አሸንበት። ጨዉ እንደ አሸዋ ይፍቃል፤ ከእንጨቱም እርጥበት ይስባል። ሎሚው በተሳበው ቦታ ይገባል። አሥር ደቂቃ ከቆየ በኋላ ነጩ ጨው ረጥቦ ግራጫ ሆኖ ነበር። ከእንጨቱ የወጣው ነገር ነው ያጠቆረው። ጠርገን ጣልነው፤ በቀዝቃዛ ውሃም አለቀለቅነው። ሎሚ ከሌለ ጨዉን በአቼቶ አርሶ ማሸት ይቻላል።

ከዚያ አደራረቁ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እርጥብ መክተፊያ በደረቱ ተኝቶ ከተቀመጠ ከሥሩ ነፋስ አያገኝም። ያ ጎን ይሸታል፤ ይሻግታልም። ምድጃ አጠገብ ወይም በቀትር ፀሐይ ላይ ካዋሉት ደግሞ አንዱ ጎን ቀድሞ ይደርቅና ጣውላው ይጣመማል፤ ይሰነጠቃልም። ስንጥቅ ደግሞ የሽታ ጎተራ ነው። የእማማን መክተፊያ በጠርዙ አቁመን ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ግድግዳ አስደገፍነው። ሁለቱም ፊቱ ነፋስ አገኘ። አደረ።

ሽታው መልቀቁ በምን ይታወቃል?

ደረቅ እንጨት ማሽተት ያታልላል። ሲደርቅ ሽታው ይደበቃል፤ ሲረጥብ ይወጣል። ስለዚህ በማግሥቱ ጨርቅ በሞቀ ውሃ ነክረን፣ ጨምቀን፣ መክተፊያው ላይ ጣል አደረግን። አምስት ደቂቃ ጠብቀን ጨርቁን አነሣንና እንጨቱን አሸተትን። ከዳርና ከዳር እንጨት እንጨት አለ። ከመካከሉ ግን ገና ትንሽ ዓሣ ነበረው።

መካከሉን ስንመለከተው ጎድጉዷል። የብዙ ዓመት ቢላዋ በልቶታል። ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ቀጭን ስንጥቅ ነበረ። በቢላዋ ጫፍ ብንጭረው ጥቁር እድፍ ወጣ። እንዲህ ዓይነቱን ስንጥቅ ጨውም አመድም አይደርስበትም። ለዚህ መድኃኒቱ አናጢ ነው። አናጢው ሁለቱንም ፊት በመላጊያ ላገው። ጉድጓዱ ጠፋ፤ ስንጥቁም አብሮ ተነሣ። ከሥሩ የወጣው እንጨት አዲስ ዋንዛ ነው፤ አይሸትም። ስንጥቁ ከላይ እስከ ታች የዘለቀ ቢሆን ኖሮ ግን መክተፊያው ለማገዶ ይሆን ነበር። እንዲያ ያለውን በማጠብ መድከም ትርፍ የለውም።

አሁን ሁለት ፊት ያለው ጣውላ አለን። እማማም አንዱን ፊት ለዓሣ፣ ሌላውን ለሽንኩርትና ለጎመን አደረጉ። እንዳይሳሳቱ በጋለ ምስማር በአንዱ ዳር ላይ «ዓሣ»፣ በሌላው ላይ «ሽንኩርት» ብለው ጻፉበት። «ሽ» ትንሽ ተጣመመች እንጂ ታነባለች። ሁለት ጣውላ ያለው ሰው ግን ሁለት መክተፊያ ቢያደርግ ይበልጣል፤ የአንዱ ፊት ውሃ በጠርዝ በኩል ወደ ሌላው መውረዱ አይቀርምና።

ሽታ ባይኖርም

አንድ ነገር ለይተን እንወቅ። ሽታ ጠፋ ማለት ተሕዋስያን ጠፉ ማለት አይደለም። ሎሚ ሽታ ያስራል እንጂ በሽታ የሚያመጡትን ሁሉ አይገድልም። ጥሬ ዓሣ የተከተፈበት ላይ ሳይበስል የሚበላ ነገር፣ ለምሳሌ ቲማቲም ወይም ቃሪያ፣ የሚቆረጥ ከሆነ ለመክተፊያው ሌላ ሥራ አለ። የፈላው ውሃ ተራው አሁን ነው። መክተፊያው በሳሙና ታጥቦ ከነጻ በኋላ ከምድጃ የወረደ የፈላ ውሃ በሁለቱም ፊቱ ላይ ይፍሰስበት። ከዚያ ይድረቅ።

በረኪና ያለው ሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና በአራት ሊትር ውሃ በጥብጦ መክተፊያውን ሊነክርበት፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም በንጹሕ ውሃ ሊያለቀልቀው ይችላል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። በረኪናንና ሎሚን ግን በአንድ ቀን አታገናኟቸው! አቼቶንም እንደዚሁ። በረኪና ከኮምጣጣ ነገር ጋር ሲገናኝ መርዛም ጋዝ ያወጣል። ደረትን ያፍናል፤ በጠባብ ጎጆ ውስጥ ሰውን ሊጎዳ ይችላል።

የቢላዋው እጀታ

የቢላዋ እጀታ እንደ መክተፊያ አይታጠብም። ብረቱ ወደ እጀታው የሚገባበትን ቦታ ተመልከቱ። ቀጭን ክፍተት አለ። የዓሣ ውሃ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ቢላዋው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ከዋለ እጀታው ያብጣል። ሲደርቅ ይሰበሰባል። እንዲህ እየሆነ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ብረቱም ይላላል። የላላ ቢላዋ እጅ ይቆርጣል። ስለዚህ ቢላዋ አይዘፈዘፍም።

የእማማን ቢላዋ ስለቱን በወፍራም ጨርቅ ጠቀለልነው። ክፍተቱን በቀጭን የእንጨት ስንጣሪ ጫርን፤ የደረቀ የዓሣ ቆዳ ወጣ። እጀታውን በሳሙና ጨርቅ አሸነው። ከዚያ ትንሽ የአመድ ልውስ፣ ቀጥሎ እርጥብ ጨርቅ፣ በመጨረሻ በጨውና በሎሚ። ተራው ያው ነው፤ ጊዜው ግን ያነሰ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ጨውና ሎሚ ብረት ያዝጋሉና ወዲያው በእርጥብ፣ ቀጥሎም በደረቅ ጨርቅ ጠረግነው። ቢላዋውን ስለቱን ወደ ታች አድርገን ልጆች በማይደርሱበት ሰቀልነው። ስለቱ ወደ ላይ ከሆነ ውሃው ወደ እጀታው ይወርዳል።

ወይራን የመሰለ ጠንካራ እንጨት ትንሽ ስለሚጠጣ ለእጀታ ይመረጣል። የእማማ እጀታ ግን ከለስላሳ እንጨት የተሠራ ነው። ስለዚህ ሰም ቀባነው። የማር ሰም በየመንደሩ አለ። ሰም አይከረፋም። ቅቤ ግን እንጨት ላይ ይከረፋል፤ ቅቤ አትቀቡ። እጀታው ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ፀሐይ ላይ ለብ እስኪል አሞቅነው። ሰሙን ካሸንበት በኋላ በጨርቅ ፈተግነው። ክፍተቱ ውስጥ የቀለጠ ሰም ጠብ አድርገን ደፈንነው። መክተፊያውም እንደዚሁ በጠርዞቹ ሰም ጠጣ። ገና ሽታ ያለው ወይም እርጥብ እንጨት ሰም መቀባት ግን ሽታውን ዘግቶበት ማስቀመጥ ነው።

ሰሙ ማለቁ በውሃ ይታወቃል። አንድ ጠብታ ውሃ እንጨቱ ላይ ጣሉ። ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ሰሙ አለ። ወዲያው ከተመጠጠ ሰሙ አልቋልና እንደገና ይቀባ። ሰም በሌለበት ቀን ደግሞ እማማ ዓሣ ከመክተፋቸው በፊት መክተፊያውን በቀዝቃዛ ውሃ ያርሱታል። ቱቦዎቹ አስቀድመው ንጹሕ ውሃ ከጠጡ ለዓሣው ውሃ የሚተርፋቸው ቦታ ትንሽ ነው።